ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት እናትን እንዴት እንከታተል፦ ፈንደስ፣ ደምና ፐልስ

ይህ ጽሑፍ በድሬዳዋና በሐረር ጤና ጣቢያዎች ማዋለጃ ክፍል ለሚሠሩ አዲስ ሚድዋይፎችና ለተለማማጆች ነው። የምጽፈው በብልት ስለወለደች እናት ብቻ ነው። በኦፕሬሽን የወለደች እናት ሌላ ክትትል አላት፤ እዚህ አልገባበትም።

የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሕፃኑ አልቅሷል፣ በር ላይ እልልታው ቀልጧል፣ አንዷ አጥሚት ይዛ ትገፋለች፣ ሌላዋ «ወንድ ነው ሴት?» ትላለች። የእኛም ዓይን ወደ ሕፃኑና ወደ ካርዱ ይሄዳል። እናት ብዙ ጊዜ የምትደማው ግን ልክ ያኔ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ደም መፍሰስ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጀምራል። ደግሞ ሁሌ እንደ ቧንቧ አይወርድም። ቀጭን ሆኖ፣ ሳያቋርጥ፣ ማንም ሳያየው የሚወርደው ነው የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማንበብ ልመዱ፦ ፈንደሱን፣ የወጣውን ደምና ፐልሱን። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ያታልላሉ። ማህፀኑ ጠንክሮ ሳለ እናት ከተቀደደ ቦታ ልትደማ ትችላለች። አልጋው ንጹሕ ሆኖ ደሙ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ግፊቱ ደግሞ ወጣትና ጤነኛ ሴት ላይ ብዙ ደም እስኪወጣ ድረስ ደህና መስሎ ይቆያል።

መጀመሪያ ቦታውን ማዘጋጀት

የእንግዴ ልጁ የወጣበትን ሰዓት ጻፉ። ክትትሉ ከዚያ ይጀምራል፦ ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው፣ በሦስተኛው ሰዓት በየ30 ደቂቃው፣ ከዚያ እስከ ስድስተኛው ሰዓት በየሰዓቱ። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ። ሌሊት ሁለት ምጥ እኩል ሲመጣ «አስታውሳለሁ» የሚባል ነገር አይሠራም።

ሕፃኑ እንደተወለደ የሚሰጠው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ መሰጠቱንና ሰዓቱን አረጋግጡ። እዚህ ላይ ስለ ድሬ ሙቀት አንድ ነገር ልበል። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ አምፑል ቀስ በቀስ ኃይሉን ያጣል፤ በዓይን ግን አይለይም። መብራት ሲጠፋ በረዶ ባለበት የክትባት መያዣ ውስጥ አስገቡት፤ ብቻ በረዶውን ነክቶ እንዳይቀዘቅዝ። የሐረር ልጆች በአየሩ ትንሽ ይቀላችኋል፣ ሕጉ ግን ያው ነው። መርፌው ተሰጥቶ ማህፀኑ ካልጠነከረ፣ የመድኃኒቱ አቀማመጥም ከምትጠረጥሯቸው ነገሮች አንዱ ይሁን።

ቀጥሎ ጨርቅ። እናቲቱ በለበሰችው ድርያ ላይ ወይም በባለ ቀለም አንሶላ ላይ ደም አይታይም። ጥቁርና ቀይ ጨርቅ ግማሽ ሊትር ውጦ ዝም ይላል። እትብቱ እንደተቆረጠ በሽርት ውኃ የራሰውን ሁሉ አንሱና ከመቀመጫዋ ሥር መለኪያ ያለበትን የደም መሰብሰቢያ ፕላስቲክ ዘርጉ። እሱ ከሌለ ንጹሕና ነጭ ጨርቅ ወይም ፓድ አድርጉ። ከማንጠፋችሁ በፊት ደረቁን መዝኑት። የሕፃናት ሚዛን ክፍሉ ውስጥ አለ፤ እሱ ይበቃል። በኋላ የራሰው ክብደት ላይ የደረቁን ትቀንሳላችሁ። 1 ግራም በግምት 1 ሚሊ ሊትር ደም ነው።

ሌላው የሆድ ማሰሪያ ነው። አያቶች ገና ከአልጋ ሳትወርድ ሆዷን በመቀነት ወይም በነጠላ ጥፍር ማድረግ ይወዳሉ። አትጣሏቸው። «እማማ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይቆየን፣ ማህፀኗን በእጄ ማየት አለብኝ» በሏቸው። ምክንያቱ ሲነገራቸው አብዛኞቹ ይስማማሉ። አንዲት አስታማሚ ከእሷ ጋር ትቆይ፤ ሌሎቹ ውጭ ይጠብቁ። የምትቆየዋን ሥራ ስጧት፦ «ከሥሯ ሲረጥብ ወይም የሚሞቅ ነገር ወረደ ስትል ጥሪኝ።» እናቲቱ አማርኛ የማትሰማ ከሆነ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የምታግባባችሁን አስታማሚ ምረጡ።

ሕፃኑ ደረቷ ላይ ሆኖ ጡት ከያዘ ማህፀኑ እንዲኮማተር ያግዛል። ይህ ክትትሉን አያስተጓጉልም፤ ሕፃኑን ሳታነሱ ሁሉንም ማየት ይቻላል።

በየ15 ደቂቃው ምን እናደርጋለን

ፊቷን አይታችሁ አናግሯት። «እንዴት ነሽ? ራስሽን ያዞርሻል? የት ያምሻል?» መልሷ ብቻ ሳይሆን አመላለሷም ይናገራል። የፈዘዘች፣ ያለ ምክንያት የምትቁነጠነጥ ወይም «ታፈንኩ» የምትል እናት ቁጥሯ ደህና ቢሆንም ከአጠገቧ አትራቁ።

ከዚያ ሆዷን ከመንካታችሁ በፊት ፐልሷን ቁጠሩ። ፈንደስ መዳሰስ ያማል፤ ሕመም ደግሞ ፐልስን ይጨምራል። ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይሻላል። ግፊቷን ለኩ። ቀጥሎ ፈንደሱን፣ ፊኛውን፣ ደሙን፣ በመጨረሻም ብልቷንና የተሰፋ ካለ ስፌቱን እዩ። ሁሌም ቅደም ተከተሉ አንድ ይሁን፤ አንድ ነገር ሲዘለል ወዲያው ይታወቃችኋል።

ፈንደሱን መዳሰስ

በጀርባዋ ትተኛ፣ ጉልበቷን ትንሽ ታጥፍ። አንድ እጃችሁን ከብልቷ አጥንት በላይ አድርጉ፤ ይህ እጅ የማህፀኑን የታችኛውን ክፍል ይደግፋል። የሌላውን እጅ ጎን እምብርቷ አካባቢ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ተጫኑ። ክብ፣ ጠንካራ ነገር ይገኛል። አናቱ ፈንደስ ነው።

የእንግዴ ልጁ እንደወጣ ፈንደሱ ከእምብርት በታች ይገኛል። በቀጣዮቹ ሰዓታት ወደ እምብርት ከፍታ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ጤነኛ ነው። ከፍታውን በጣት ጻፉ፦ «ከእምብርት በታች 2 ጣት»፣ «እምብርት ላይ»። ትልቅ ሕፃን ወይም መንታ የወለደችና ብዙ ጊዜ የወለደች እናት ላይ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ አንዱ ልኬት ብቻውን ብዙ አይነግርም። ከቀደመው ጋር አወዳድሩት። እየወጣ የሚሄድ ፈንደስ ውስጡ ደም እየያዘ ነው፣ ወይም ፊኛ እየገፋው ነው።

ጥንካሬውን ለማወቅ ግንባራችሁን ነክታችሁ ቀጥሎ ጉንጫችሁን ንኩ። የምትፈልጉት ግንባሩን ነው። እጃችሁ ሥር እንደ ጉንጭ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ድንበሩ ከጠፋባችሁ፣ ማህፀኑ ላልቷል። ዋናው የከባድ ደም መፍሰስ ምክንያት ይኸው ነው።

ከላላ የላይኛው እጃችሁን እያዞራችሁ እስኪጠነክር እሹት። ከጠነከረ በኋላ ብቻ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች በመጫን የረጋውን ደም አስወጡ። ያልጠነከረን ማህፀን ወደ ታች አትግፉ፤ ሊገለበጥ ይችላል። በሌላ በኩል የጠነከረን ማህፀን ያለማቋረጥ ማሸትም ጥቅም የለውም። ኦክሲቶሲን የወሰደችን እናት ሆድ «ለማንኛውም» ብሎ ማሸት ሕመም ብቻ ነው። ዳስሱ፣ ከጠነከረ ተዉት።

ፈንደሱ ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ ካጋደለ መጀመሪያ ፊኛን ጠርጥሩ። የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ወደ ላይና ወደ ጎን ይገፋዋል፤ እንዳይኮማተርም ያደርገዋል። ከረጅም ምጥ በኋላ ፊኛዋ ሞልቶ እያለ «ሽንቴ አልመጣም» ልትል ትችላለች። ደህና ከሆነች ደግፋችሁ አስቀምጧት፣ ውኃ አፍስሱላት። ካልቻለች ወይም እየደማች ከሆነ ጊዜ አታጥፉ፣ በካቴተር አውጡት። የወጣውን መጠን ጻፉ። ደም ባይኖርም በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ መሽናቷ መመዝገብ አለበት።

አንድ ብርቅዬ ግን አደገኛ ነገር አለ። ፈንደሱ ሆድ ላይ ጨርሶ ጠፍቶ፣ ብልቷ በር ላይ ቀይ እብጠት ከታየና ሴትየዋ በሕመም ወይም በሾክ ከወደቀች ማህፀኑ ተገልብጧል። አትሹ፣ አትጎትቱ፣ ኦክሲቶሲንም አትጨምሩ። ወዲያው እርዳታ ጥሩ።

ደሙን ማየት ሳይሆን መለካት

በዓይን መገመት አይሠራም። ልምድ ያለውም ሰው ሲገምት ያሳንሳል፤ ብዙ በፈሰሰ ቁጥር ደግሞ ግምቱ ይበልጥ ይሳሳታል። ስለዚህ መለኪያውን አንብቡ ወይም መዝኑ።

ፓዱን ከፊት ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ደም በመቀመጫዋ መካከል አልፎ ወደ ወገቧ ሥር ይሄዳል። ወደ ጎን አዙሯትና ከሥሯ እዩ። የረጋ ደም ካለ እሱም ይመዘናል። በየጊዜው የምትጽፉት ድምሩን ነው፤ «ትንሽ»፣ «መጠነኛ» የሚሉ ቃላት ለሚቀጥለው ተረኛ ምንም አይናገሩም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት መስመሮች አሉ። ደሙ 500 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆንም ሕክምና ይጀመራል። 300 ከደረሰና ፐልሷ ከ100 በላይ ከሆነ፣ ወይም የላይኛው ግፊት ከ100 በታች፣ የታችኛው ከ60 በታች ከወረደ ደግሞ 500 አይጠበቅም። የሚቀድመው መስመር ይሠራል። ንጹሕ ፓድ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከረሰረሰ መለኪያ እንኳ ሳትጠብቁ ጥሩ።

የደሙ ዓይነትም ይነግራችኋል። የላላ ማህፀን ደም ብዙ ጊዜ ከረጋ ደም ጋር ገንፈል እያለ ይወጣል፤ ስታሹት ይቀንሳል። ማህፀኑ እንደ ግንባር ጠንክሮ፣ ደማቅ ቀይ ደም ሳያቋርጥ በቀጭኑ ከወረደ ግን ከማህፀን በር ወይም ከብልት ውስጥ የተቀደደ ቦታ ፈልጉ። ሲወርድ ጭራሽ የማይረጋና ከመርፌ ቦታም የሚወጣ ደም የመርጋት ችግር ነው፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚፈታ አይደለም። የእንግዴ ልጁን ደግሞ በጥንቃቄ እዩት። ቁራጭ ከጎደለ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ ማህፀኑ ጠንክሮ ተመልሶ ይላላል።

ብዙ ደም ሳይታይ ፐልስ ሲጨምርስ? «ሰገራዬ መጣ»፣ «ከታች የሚገፋኝ ነገር አለ» ካለችና ሕመሟ ከስፌት ሕመም በላይ ከሆነ ብልቷን በብርሃን እዩት። ከቆዳው ሥር ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። በአንድ በኩል ያበጠ፣ የተወጠረ፣ የጠቆረ ቦታ ይታያል። ብልት ውስጥ ከፍ ብሎ ከተጠራቀመ ግን ከውጭ አይታይም፤ ሕመሟንና ፐልሷን አምናችሁ ጥሩ።

ፐልሱን ማመን

እኛ አገር ፐልስ ሲጨምር ሰበብ አይጠፋም። ሙቀቱ ነው፣ ውኃ ጠምቷት ነው፣ ጫት ቅማ ነው፣ አቦ ምጥ ላይ ነበረች እኮ! ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ሰበቡን ግን የምትሰጡት ፈንደሱን፣ ከሥሯ ያለውን ደምና ብልቷን አይታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው። በሙቀት የጨመረ ፐልስ ውኃ ጠጥታ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ አረፍ ስትል ይወርዳል። የምትደማ እናት ፐልስ በየልኬቱ ይወጣል።

ስለዚህ ስትገባ የነበራትን ፐልስና ግፊት ከካርዱ ላይ አውጥታችሁ ከአዲሱ ጎን ጻፉ። ከ76 ተነሥቶ 98 የደረሰ ፐልስ ገና ከ100 በታች ነው፤ ግን 22 ጨምሯል። ፐልሱን ለላይኛው ግፊት ማካፈልም ቀላልና ጠቃሚ ነው። 80 ለ116 ሲካፈል 0.7 አካባቢ ነው፤ ጥሩ ነው። 0.9 ሲደርስ ክትትሉን አጠጋጉ። ፐልሱ ከላይኛው ግፊት ከበለጠ፣ ማለትም ከ1 ካለፈ፣ አደጋ ነው።

ሁለት እናቶችን ለየት አድርጋችሁ ያዙ። አንደኛዋ ደም ማነስ ያለባት ናት። ወባ ባለበት ቆላ ይህች እናት ብርቅ አይደለችም። 300 ሚሊ ሊትር ለሌላዋ ምንም ላይሆን ይችላል፤ እሷን ግን ሊጥላት ይችላል። ሁለተኛዋ በእርግዝና ግፊት የነበረባት ናት። ስትገባ 150/100 የነበረች ሴት አሁን 110/70 ከሆነች «እሰይ፣ ወረደ» አትበሉ። ደም እየፈሰሳት ሊሆን ይችላል።

አንድ ሌሊት በቁጥር

ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። በድሬዳዋ አንድ ጤና ጣቢያ የ27 ዓመት ሴት አራተኛ ልጇን ትወልዳለች። ስትገባ ፐልስ 80፣ ግፊት 116/72። ሕፃኑ 3.9 ኪሎ። ኦክሲቶሲን ተሰጥቷል፣ የእንግዴ ልጁ ከሌሊቱ 7፡12 ሙሉ ሆኖ ወጥቷል።

7፡27 ላይ ፐልስ 84፣ ግፊት 118/74። ፈንደስ ከእምብርት በታች 1 ጣት፣ ጠንካራ። ደም 140። 7፡42 ላይ ፐልስ 88፣ ግፊት 116/74። ፈንደስ እምብርት ላይ፣ ጠንካራ። ደም 180። እስካሁን ምንም የለም።

7፡57 ላይ ነገሩ ተለወጠ። ፐልስ 98፣ ግፊት 114/76። ፈንደስ ከእምብርት በላይ 2 ጣት፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ፣ የላላ። ደም 290። ሚድዋይፏ አሸችው፤ ሲጠነክር የረጋ ደም ወጣ። በካቴተር 600 ሚሊ ሊትር ሽንት አወጣች። ፈንደሱ ወርዶ መሐል ገባ፣ ጠነከረ። የደሙ ድምር 380 ደረሰ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ፊኛ ነበር» ብሎ ይሄዳል። ፊኛ ነበር፣ እውነት ነው። ግን አንድ ምክንያት መገኘቱ ሌላው የለም ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ከእንዲህ ያለ እርማት በኋላ ቀጣዩ ልኬት ከ15 ደቂቃ በኋላ ሳይሆን ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚሆነው።

8፡02 ላይ ፐልስ 104፣ ግፊት 110/70። ፈንደስ ጠንካራ፣ መሐል ላይ። ደሙ ግን ደማቅ ቀይ ሆኖ በቀጭኑ ይወርዳል፤ ድምሩ 430። ግፊቷን ብቻ ያየ ሰው ምንም አይታየውም። 300 አልፋለች፣ ፐልሷ ከ100 በላይ ነው። መስመሩ ታልፏል፤ ሕክምና ይጀመራል።

ሚድዋይፏ ከአልጋው ሳትርቅ ጮክ ብላ ተጣራች። አንዱ ማህፀኑን ይዞ ይቆጣጠራል። ሁለተኛው ሰፊ ካኑላ አስገብቶ ለደም ዓይነት ናሙና ይወስዳል፤ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በፈሳሽ ተበጥብጦ በ10 ደቂቃ ይገባል፤ ቀጥሎ 20 ዩኒት በ1 ሊትር ፈሳሽ በ4 ሰዓት ይንጠባጠባል። ትራንኤግዛሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር፣ ቀስ ብሎ በ10 ደቂቃ ይሰጣል። ይህ መድኃኒት ከወለደች 3 ሰዓት ሳይሞላ መሰጠት አለበት፤ በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ደሙ ካልቆመ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሦስተኛዋ ጥሩ መብራት ይዛ ብልቷንና የማህፀን በሯን ትመረምራለች። ይህ ሁሉ እኩል ይጀመራል። አንዱ ሠርቶ እንደሆነ እያዩ ተራ በተራ መሞከር ጊዜ ይበላል። ኦክሲቶሲን ከሌለ ወይም ካልታመነ ሚዞፕሮስቶል 800 ማይክሮግራም ከምላስ ሥር ይደረጋል። ኤርጎሜትሪን ግን ግፊት ላለባት አይሰጥም።

8፡10 ላይ በግራ በኩል የማህፀን በሯ ተቀድዶ ተገኘ። የቅዳዱ ጫፍ ወደ ላይ ሄዷል፤ አይታይም። ጫፉ የማይታይ ቅዳድ ጤና ጣቢያ ውስጥ አይሰፋም። በረጅም ጋውዝ ተጠቅጥቆ ተያዘ፤ የገባው ጋውዝ ብዛት ካርዱ ላይ ተጻፈ። ፀረ ሾክ ልብሱ ተደረገላት። 8፡20 ላይ ደም 560፣ ፐልስ 112፣ ግፊት 104/66። ፐልሱ ከላይኛው ግፊት በልጧል።

መደወልና መሸኘት

አምቡላንስ የሚጠራው ቅዳዱ ሲታይ አይደለም። ሕክምናው ሲጀመር ይጠራል። ደሙ ከቆመ ትመልሱታላችሁ፤ ማንም አይቆጣም። ከድሬዳዋ ጤና ጣቢያዎች መድረሻው ሳቢያን ወይም ድል ጮራ ነው፣ ከሐረር ጁገል ወይም ሕይወት ፋና። የቀኑን ተረኛ ስልክ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ስልኩ ላይ ታሪክ አታስረዝሙ። እንዲህ ይበቃል፦

«ዶክተር፣ ሲስተር ነኝ ከጤና ጣቢያ። የ27 ዓመት እናት ከአንድ ሰዓት በፊት ወልዳ እየደማች ነው። 560 ደርሷል፣ ፐልስ 112፣ ግፊት 104/66። ማህፀኗ ጠንካራ ነው፤ የማህፀን በር ተቀድዶ ጫፉ አይታይም። ኦክሲቶሲንና ትራንኤግዛሚክ አሲድ ሰጥተናል፣ ጋውዝ አለባት። ኦፕሬሽን ክፍልና ደም አዘጋጁልን። አሁን እንወጣለን።»

«እሺ ሲስተር፣ የደም ዓይነቷን ይዘሽ ነይ። ትራንኤግዛሚኩን ስንት ሰዓት ሰጣችሁ?»

«8 ሰዓት ከ5።»

የመድኃኒት ሰዓት የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው መጠን ከዚያ ይቆጠራል። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ልኬቶቹን ከነሰዓታቸው ገልብጡ።

እናቲቱ ብቻዋን ከሹፌር ጋር አትሄድም። ሚድዋይፍ አብሯት ይቀመጣል፤ እጁ ፈንደሱ ላይ፣ ዓይኑ ጨርቁ ላይ። ማህፀኑ ላልቶ ደሙ ከበረታ በመንገድ ላይ በሁለት እጅ ጨምቆ መያዝ ይቻላል፦ አንድ የተጨበጠ እጅ በብልት ውስጥ፣ ሌላው በሆድ ላይ ሆኖ ማህፀኑን መሐል ይጨምቃሉ። ከድሬ ወደ ሐረር መሻገር ከመጣ የደንገጎ ጠመዝማዛ አለ። ካኑላውን በፕላስተር አጥብቁ፣ ፈሳሹ በከፍታ ይሰቀል። ብርድ ልብስ ያዙ፤ ድሬ ላይ ትርፍ የሚመስለው ዳገቱ ላይ ያስፈልጋል። የሚደማ ሰው ሲቀዘቅዝ ደሙ በደንብ አይረጋም።

ደም ሳይኖርም ጥሩ የሚያሰኙ

ከወሊድ በኋላ ወዲያው የሚመጣ መንቀጥቀጥ ብዙ እናቶች ላይ ይታያል፤ ለብሳ ስትሞቅ ይተዋታል። ሙቀቷ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ኢንፌክሽን አስቡ። ሚዞፕሮስቶል ከወሰደች መድኃኒቱም ሊያንቀጠቅጥና ሊያተኩስ ይችላል፤ ቢሆንም ሽታ ያለው ፈሳሽና የሆድ ሕመም መኖሩን ሳታዩ በእሱ አታሳቡ።

ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ለሐኪም ይነገራል። 160/110 ከደረሰ፣ ወይም ግፊቱ ከፍ ብሎ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከደረቷ በታች ያለ የሆድ ሕመም ካለ ማግኒዚየም ሰልፌትና የግፊት መድኃኒት ወዲያው ያስፈልጋታል። በእርግዝናዋ ግፊት ያልነበረባትም ከወለደች በኋላ ልታንዘፈዝፍ ትችላለች። ድንገት የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ከመጣ ምክንያቱን ፍለጋ ሳትቆዩ ኦክስጅን አድርጋችሁ ጥሩ።

ሁለቱ ሰዓት በሰላም ካለፈ ወደ ድኅረ ወሊድ ክፍል ስትሸጋገር ተቀባዩ እጁን ፈንደሱ ላይ አድርጎ፣ ከሥሯ አይቶ፣ ፐልሷን ቆጥሮ ይረከብ። ሁለታችሁም አልጋው አጠገብ ሆናችሁ ፈርሙ። ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም ትቆይ፤ ቤት የሚጠብቃት ገንፎ አያመልጣትም። መቀነቱንም አሁን ማሰር ይችላሉ፤ ብቻ ላላ ይበል፣ ፈንደሱን በምንዳስስበት ጊዜም ይፈታ።